«አልገባኝም» ማለት ስለሚገባው መሣሪያ

ሰው ሁሉ ጉዳዩን ለማስፈጸም ከመሥሪያ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ ከመዋል ይልቅ ስልኩን አውጥቶ ቁጥር መጫን እየለመደ መሄዱ ለአንባብያን እንግዳ ነገር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ 8028 የተባለውን የገበሬዎች የስልክ መስመር በከፈተ ጊዜ፣ ገበሬው የተቀዳ ድምፅ እያዳመጠና የስልኩን ቁጥር እየተጫነ የእርሻ ምክር መስማት ጀመረ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራውን ሲጀምር ደግሞ ኢንተርኔት የሌለው ስልክ የያዘ ሰው እንኳ *127# ብሎ በመደወል፣ በቁጥር የተዘረዘረውን ምርጫ እየተከተለ ገንዘቡን ለማንቀሳቀስ ቻለ። ከዚህም ሌላ በቴሌግራም ላይ «ቦት» የሚባለው መልስ ሰጪ ፕሮግራም በየሱቁ፣ በየትምህርት ቤቱና በየማኅበሩ ተስፋፍቷል።

እነዚህ ሁሉ የሚሠሩበት መንገድ አንድ ነው። መሣሪያው ምርጫዎቹን ይዘረዝራል፤ ሰውየው አንዱን ይመርጣል፤ መሣሪያውም ለዚያ ምርጫ አስቀድሞ የተጻፈለትን መልስ ይሰጣል። ሰውየው ከተዘረዘረው ውጭ የሆነ ነገር የላከ እንደ ሆነስ? ይህ ጥያቄ እንደ ትንሽ ነገር ይታያል። አሠሪውም ሠሪውም ሐሳባቸውን የሚያውሉት በምርጫዎቹ ላይ ስለሆነ፣ ላልታወቀው መልእክት የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ ሥራው ሊያልቅ ሲል በአንድ መስመር ይጻፍና «የተሳሳተ ምርጫ፤ እንደገና ይሞክሩ» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ ከጀመርን ገና ብዙ ጊዜ አልሆነንም፤ ነገር ግን የአንድን መልስ ሰጪ መሣሪያ ደግነትና ክፋት ለመለየት ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይህችው አንዲት መስመር ናት እንላለን። ምክንያታችንንም ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

ነገሩን በምሳሌ ለመመልከት ወደ ባሕር ዳር እንሂድ። በጣና ሐይቅ ዳር አንድ የጀልባ ማኅበር አለ እንበል። ማኅበሩ የምናባችን ስለሆነ ስም አንሰጠውም። ጀልባዎቹ ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ደሴት ሰው ያመላልሳሉ፤ አባላቱም ዓሣ ለሚገዙ ምግብ ቤቶች የዕለቱን ዋጋ ያስታውቃሉ። ማኅበሩ በቴሌግራምና በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚሠራ መልስ ሰጪ አሠራ። ምርጫዎቹም አራት ናቸው፦ 1 የጉዞ ዋጋ፣ 2 የመነሻ ሰዓት፣ 3 የዓሣ ገበያ፣ 4 ሠራተኛ ለማነጋገር። ይህን ያህል ቀላል የሆነ ነገር በየት በኩል ይበላሻል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የሚመጡትን መልእክቶች አንድ በአንድ እንይ።

የመጀመሪያው መልእክት ከአንድ ምግብ ቤት የመጣ ሲሆን የተጻፈውም አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አሳ»። የፕሮግራሙ ሠሪ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቃልም እንዲቀበል ብሎ «ዓሣ» የሚለውን ቃል መዝግቦለት ነበር። ሆኖም መሣሪያው «አላውቅም» አለ። ይህ የሆነበት ምክንያት በፊደላችን ውስጥ ነው። ለዐይናችን ልዩ፣ ለጆሯችን ግን አንድ የሆኑ ፊደሎች አሉን፤ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ። በዚህ ላይ የአ እና የዐ ግእዝና ራብዕ በአማርኛ አነጋገር አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። ስለዚህ ይህችን ሁለት ፊደል ብቻ የያዘች ቃል አሳ፣ አሣ፣ ኣሳ፣ ኣሣ፣ ዐሳ፣ ዐሣ፣ ዓሳ፣ ዓሣ ብሎ በስምንት ዐይነት መጻፍ ይቻላል። አንባቢ ስምንቱንም ሲያነብ አንድ ነገር ይረዳል። ለኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው ልዩ ምልክት ነው፤ የፊደሎች ዓለም አቀፍ መዝገብ የሆነው ዩኒኮድም እነዚህን ፊደሎች አንድ አያደርጋቸውም። አንድ የማድረጉ ሥራ የፕሮግራሙ ሠሪ ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። መልእክቱ እንደ ደረሰ ቅጂ ይወሰድና በቅጂው ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዝርያቸው ይለወጣሉ፤ ከዚያም ኣ ወደ አ፣ ሃ ወደ ሀ ይለወጣሉ፤ የተመዘገቡትም ቃላት እንደዚሁ ይለወጡና ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ዋናው መልእክት ግን ሳይነካ መቀመጥ አለበት። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ የሚሠራው ሥራ ነውና፣ ፊደልን ማዋሐድ ትርጉም የሚያጠፋበት ቦታ አለ። ለጀልባና ለዓሣ ጉዳይ ግን ይህ ሥጋት የለም። እንግዲህ የምግብ ቤቱ ሰው ምንም አልተሳሳተም። መሣሪያው «የተሳሳተ ምርጫ» ብሎ ቢመልስለት ኖሮ ስሕተቱን ከሠሪው አንሥቶ በጠያቂው ላይ መጫኑ ነበር።

ሁለተኛው መልእክት ከአንድ ሽማግሌ የመጣ ነው። «3» ብለው እንዲልኩ ተነግሯቸው ነበር፤ እርሳቸውም በሚያውቁት በግእዙ ቁጥር «፫» ብለው ላኩ። በዚህ ጊዜ የሚሆነው ነገር ከፊተኛው የባሰ ነው። በፓይተን ቋንቋ የሚጽፍ ሠሪ አስቀድሞ የተላከው ነገር አሐዝ መሆኑን ይጠይቃል፤ አሐዝ ከሆነም ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ትእዛዞች በግእዝ ቁጥር ላይ አይስማሙም፤

```
"፫".isdigit()   # True
int("፫")        # ValueError
```

የመጀመሪያው «አዎን፣ አሐዝ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ወደ ቁጥር ልለውጠው አልችልም» ብሎ ሥራውን ያቋርጣል። ሠሪው ለዚህ ካልተዘጋጀ ፕሮግራሙ እዚያው ላይ ይሰናከላል፤ ሽማግሌውም «አልገባኝም» የሚል መልስ እንኳ አያገኙም። ዝምታ ከክፉ መልስ የከፋ ነው። ክፉ መልስ የደረሰው ሰው መልእክቱ መድረሱን ያውቃል፤ ዝም የተባለ ሰው ግን ስልኩ ይበላሽ፣ ኔትወርክ ይጥፋ፣ ወይም ማኅበሩ ይፍረስ አያውቅም። ስለዚህ የመጠባበቂያው መልስ የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው፤ ማናቸውም መልእክት ያለ መልስ አይቀርም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ቢሰናከል እንኳ የመጨረሻው መረብ አንድ ቃል መመለስ አለበት። ከፊደል ይልቅ ድምፁን ቀድቶ ለሚልክ ሰውም ሕጉ ያው ነው። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሲመጣ የጽሑፉ ቦታ ጭራሽ አይኖርም፤ ጽሑፍ ብቻ የሚፈልግ ፕሮግራምም እንዳላየ ሆኖ ያልፈዋል። ትክክለኛው አሠራር «ድምፅ አድምጬ መረዳት አልችልም፤ ለሠራተኛችን አስተላልፌዋለሁ» ብሎ መመለስና በእርግጥም ማስተላለፍ ነው።

ሦስተኛው መልእክት እንዲህ ይላል፤ «ነገ 1 ሰዓት ዘጌ»። ላኪው ነገ ጠዋት በ1 ሰዓት ወደ ዘጌ የሚነሣ ጀልባ መኖሩን መጠየቁ ነው። መሣሪያው ግን ከመልእክቱ ውስጥ ቁጥር ፈልጎ «1» ን አገኘና የጉዞውን ዋጋ ላከለት። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እስካሁን ያየናቸው ችግሮች መሣሪያው አለማወቁን ያወቀባቸው፣ ወይም በግልጽ የተሰናከለባቸው ናቸው። በዚህኛው ግን መሣሪያው የገባው መስሎታል። የመጠባበቂያው መልስ ሊወጣ ሲገባው አልወጣም፤ በመዝገቡም ላይ ይህ ጥያቄ «በሚገባ ከተመለሱት» መካከል ተቈጥሮ ይቀመጣል። ሰውየውም ዋጋው ስለ ተነገረው ጀልባው አለ ማለት ነው ብሎ ያስብና ማለዳ ተነሥቶ ወደ ወደቡ ይወርዳል።

ለዚህ የሚበጀው ደንብ መሣሪያው ቶሎ እንዲያምን ሳይሆን ቶሎ እንዲጠራጠር ማድረግ ነው። መልእክቱ ቁጥር ብቻ ከሆነ እንደ ምርጫ ይወሰድ። ከቁጥሩ ጋር ሌላ ቃል ካለ ግን ቁጥሩ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የነገሩ አካል ሊሆን ይችላልና ይጠየቅ። በተለይ «ሰዓት»፣ «ሰው»፣ «ኪሎ»፣ «ብር» የሚሉት ቃላት ከጎኑ ካሉ ቁጥሩ የምርጫ ቁጥር አለመሆኑ ግልጽ ነው። ሰዓትን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእኛ የጠዋት 1 ሰዓት በውጭ አገር አቈጣጠር 7 ሰዓት ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ ወይም የስልኩን ሰዓት አይቶ የሚጽፍ ወጣት «7:00» ብሎ ሊልክ ይችላል፤ በእኛ አቈጣጠር ግን 7 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ስድስት ሰዓት አለ። ስለዚህ መሣሪያው «ጠዋት 1 ሰዓት ማለትዎ ነው?» ብሎ ሳያረጋግጥ መልስ መስጠት የለበትም።

ብዙዎች የመልስ ሰጪያቸውን ደረጃ የሚለኩት «አልገባኝም» ያለባቸውን ጊዜያት በመቍጠር ነው፤ ቍጥሩ ካነሰ ሥራው ተሻሻለ ይላሉ። ይህ መለኪያ ብቻውን ያሳስታል። መሣሪያው በግምት እንዲመልስ ቢፈቀድለት «አልገባኝም» የሚለው ቍጥር ወዲያው ይወርዳል፤ የተሳሳተው መልስ ግን በዚያው ልክ ይወጣል፤ እርሱንም የሚቈጥረው የለም። የበለጠ እውነት የሚናገረው መለኪያ ሰውየው መልሱን ካገኘ በኋላ ያደረገው ነገር ነው። ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቃል ደግሞ ጠየቀ? ወዲያው «4» ብሎ ሠራተኛ ፈለገ? ወይስ ዝም ብሎ ሄደ? ጥያቄውን የደገመ ሰው አልተመለሰለትም ማለት ነው፤ መዝገቡ ምንም ቢል።

አሁን ወደ መልሱ አጻጻፍ እንምጣ። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ጠባብ ቦታ ነው ያለው። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይህ 160 ምልክት ይሆናል፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ፣ ባዶው ቦታና ነጥቡ ጭምር ተቈጥሮ 70 ምልክት ብቻ ይገባል። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወጪውም እንደ ሁለት ይታሰባል። ብዙ ጊዜ የምናየውን ዐይነት መልስ እንውሰድ፤

«ይቅርታ፣ ያስገቡት ግብዓት የተሳሳተ ስለሆነ እባክዎ ትክክለኛውን ምርጫ በድጋሚ በማስገባት ይሞክሩ። እናመሰግናለን።»

ይህ ዐረፍተ ነገር ተቈጥሮ 72 ምልክት ነው፤ በሁለት ምልክት ብቻ ከልኩ አልፎ ሁለት መልእክት ሆኗል። ይህን ያህል ቦታ ፈጅቶስ ምን ነገረን? ትክክለኛው ምርጫ የትኛው እንደ ሆነ አልተናገረም። «ግብዓት» የሚለው ቃል ለባለሙያ እንጂ ከደቅ ደሴት ለሚጽፍ ዓሣ አጥማጅ የሚነገር ቃል አይደለም። «የተሳሳተ» ሲልም ጥፋቱን በጠያቂው ላይ አደረገ። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ቢባልስ፤

«አልገባኝም። ለዋጋ 1፣ ለሰዓት 2፣ ለዓሣ 3፣ ሰው ለማነጋገር 4 ይላኩ።»

ይህኛው 46 ምልክት ነው፤ 24 ተርፎታል። አለማወቁን በራሱ ላይ አድርጎ ይናገራል፤ ሊያደርግ የሚችለውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ወደ ሰው የሚወስደውንም መንገድ ይከፍታል። «ይላኩ» ማለቱም በከንቱ አይደለም። መሣሪያው የሚያነጋግረው ሰው ሽማግሌ ይሁን ልጅ፣ ወንድ ይሁን ሴት አያውቅም። አንተ ወይም አንቺ ብሎ ከመገመት እርስዎ ማለት አክብሮትም ነው፤ ከስሕተትም ያድናል።

ነገር ግን ይህ መልካም መልስ እንኳ ሁለተኛ ጊዜ ቃል በቃል ሲደገም መልካምነቱ ያልቃል። በገበያ ላይ አንዱን ነጋዴ አንድ ነገር ጠይቀነው አንድ ዐይነት ቃል ሦስት ጊዜ ቢመልስልን፣ ወይ አይሰማም ወይ ይንቀናል ብለን እንሄዳለን። ስለዚህ መጠባበቂያው አንድ መልስ ሳይሆን ሦስት ደረጃ ያለው መሰላል መሆን ይገባዋል። መጀመሪያ ላይ ከላይ የጻፍነው ዝርዝር ይላክ። ሁለተኛም ካልገባው ጥያቄው ይጥበብ፤ «አሁንም አልተረዳሁም። የሚጠይቁት ስለ ጀልባ ነው? አዎ ወይም አይ ብለው ይላኩ» ይበል። እዚህ ላይ በቁጥር ፈንታ ቃል የመረጥንበት ምክንያት አለ። ቀደም ብሎ 1 ማለት ዋጋ ነው ካልን በኋላ፣ አሁን ደግሞ 1 ማለት አዎ ነው ብንል ሰውየውም መሣሪያውም ይደናገራሉ። ሦስተኛ ጊዜ ካልገባው መጠየቁ ይብቃና ጉዳዩ ወደ ሰው ይተላለፍ። ከዚህ በኋላ መሣሪያው የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልእክቱ ለማን እንደ ተላለፈና መልሱ መቼ እንደሚመጣ። ሠራተኛው የሚገኘው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ከሆነ ይኸው በግልጽ ይነገር፤ በሌሊት ለጻፈ ሰው «አሁኑኑ እናነጋግርዎታለን» ማለት ሐሰት ነው።

በዚህ መሰላል ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሰውየው የዘጌን ጉዞ መርጦ፣ ቀኑን ተናግሮ፣ የሰው ብዛት ሲጠየቅ ያልታወቀ ቃል ቢጽፍ፣ ብዙ መሣሪያዎች ወደ መጀመሪያው ዝርዝር ይመልሱታል። እስካሁን የተናገረው ሁሉ ይጠፋል። ይህ ማለት አንድ ጸሓፊ ባለጉዳዩ አንዲት ቃል ስለ ተሳሳተ የሞላውን ቅጽ ቀዶ ከበር ያስወጣዋል እንደ ማለት ነው። መጠባበቂያው መልስ የቆመበትን ቦታ ማስታወስና ያልገባውን ያችን አንዲት ጥያቄ ብቻ መድገም አለበት፤ «ለዘጌ ጉዞ ስንት ሰው ነዎት? ቁጥሩን ብቻ ይላኩ» ብሎ።

አራተኛውና የመጨረሻው መልእክት ከሁሉ ይከብዳል። ሌሊት ላይ ከደቅ ደሴት አንዲት እናት «ልጄ ታሞብኛል ጀልባ ፈልጉልኝ» ብላ ላከች እንበል። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ልታደርሰው ነው የምትፈልገው። በመልእክቷ ውስጥ ቁጥር የለም። «ጀልባ» የሚለውን ቃል የያዘው መሣሪያ የነገውን የጉዞ ዋጋ ይልክላታል፤ ያልያዘው ደግሞ ሦስቱን ደረጃ አንድ በአንድ ያስወጣታል። የጻፍነው መሰላል ለዚህች እናት ረጅም ነው። ስለዚህ ከምርጫዎቹም ከመሰላሉም በፊት የሚታዩ ጥቂት ቃላት መኖር አለባቸው፤ ታመመ፣ ታሞ፣ ወለደች፣ ምጥ፣ ሰጠመ፣ ደም፣ ድረሱልን የሚሉና የሚመስሏቸው። ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ማናቸውም ጥያቄ ሳይቀርብ ተረኛው የጀልባ ነጂ ስልኩ እንዲጠራ ይደረግ፤ ለላኪዋም የነጂው ቁጥር ይላክላት። አማርኛ ግሡን በብዙ መልክ ስለሚያረባ፣ ታመመ የሚለው ብቻ ቢመዘገብ «ታሞብኛል»፣ «አሞታል»፣ «አመማት» የሚሉት ያመልጣሉና ዝርዝሩ በጥንቃቄ መጻፍ አለበት። አልፎ አልፎ በከንቱ የሚጠራ ስልክ ይኖራል፤ «ታሞ የነበረው ጀልባ ነጂ ተሻለው?» ብሎ የጻፈ ሰው ነጂውን ከእንቅልፉ ሊያስነሣው ይችላል። ይህ ጉዳት ከሌላው ጉዳት ጋር ሲመዘን ቀላል ነው።

ማሽን ያልገባውን ነገር እንዴት ይመልስ የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጆሴፍ ዋይዘንባውም በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ኤላይዛ በጻፈው ጽሑፍ ይኸው ጉዳይ ይገኛል። ኤላይዛ ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚነጋገር ፕሮግራም ነው። በሰውየው አነጋገር ውስጥ የሚያውቀውን ቃል ካጣ፣ ወይ «ይቀጥሉ» የሚል ዐይነት ወዴትም የማይወስድ ቃል ይናገራል፤ ወይም ሰውየው ቀደም ብሎ ከተናገረው ያስቀመጠውን አንሥቶ ይጠይቃል። ኤላይዛ የሐኪምን አነጋገር ይመስል ስለ ነበር ይህ ዘዴ ሠራለት፤ ሰው ልቡን ሲያጫውት «ይቀጥሉ» መባሉ ይበቃዋልና። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀድሞ የተነገረውን ማስታወስ ከጥንትም ጠቃሚ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን ለጨዋታ የሚሆነው መሸፋፈን ለጉዳይ የማይሆን መሆኑ ነው። ጀልባ የሚፈልግ ሰው «ይቀጥሉ» ሲባል የገቡለት ይመስለዋል፤ ያልገባውን እንደ ገባው መምሰልም ከላይ ያየነውን የ1 ሰዓቱን መንገደኛ ጥፋት መድገም ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማኅበሩ ሥራ አላለቀም። ያልገቡት መልእክቶች ተሰብስበው መቀመጥ አለባቸው። በየሳምንቱ አንድ ሰው፣ የላኪው ስልክ ቁጥርና ስም ከተሰወረ በኋላ፣ አንድ በአንድ ያንብባቸው። ሲያነብም በሦስት ክምር ይለያቸው። የመጀመሪያው ክምር መሣሪያው ሊረዳቸው የሚገባ ነገር ግን በሌላ ፊደል ወይም በሌላ ቃል የመጡ ናቸው፤ እነርሱ በቃላቱ መዝገብ ላይ ይጨመሩ። ሁለተኛው ክምር ማኅበሩ ሊሠራው የሚችል፣ በምርጫው ላይ ግን የሌለ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ስለ ዕቃ ጭነት የሚጠይቅ ከሆነ የጎደለው የሕዝቡ ዕውቀት ሳይሆን አምስተኛው ምርጫ ነው። ሦስተኛው ክምር ማኅበሩን የማይመለከት ነገር ነው፤ ለእርሱም «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» የሚል ቍርጥ መልስ ይጻፍ። ይህን ንባብ ለማሽን መተው አይገባም፤ ማሽኑ ያልገባው መሆኑ ነውና የተከማቸው።

አንዳንድ ሰዎች ወጪውን ያነሡ ይሆናል። አንድ ሠራተኛ በስልኩ ዳር ማስቀመጥ፣ በየሳምንቱም መልእክት ማንበብ፣ መሣሪያው የተሠራበትን ምክንያት ያጠፋዋል ይላሉ። ይህ ክርክር ውሃ የሚያነሣው መሣሪያው የተሠራው ሰውን ከሥራው ፈጽሞ ለማስወጣት ከሆነ ነው። በእኛ አስተያየት ግን መሣሪያው የሚጠቅመው ዋጋና ሰዓት ለሚጠይቁት ለብዙዎቹ ቶሎ በመመለስ፣ ሠራተኛው ለጥቂቶቹ አስቸጋሪ ጥያቄዎች ጊዜ እንዲያገኝ ማድረጉ ነው። ሠራተኛ የሌለበት «4» ቁጥር በዝርዝሩ ላይ ከሚጻፍ ፈጽሞ ባይጻፍ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የተነገረው በምናብ ስለ ቆመ አንድ የጀልባ ማኅበር ነው። ሆኖም በባሕር ዳርም ሆነ በሌላ ከተማ መልስ ሰጪ ለማሠራት ገንዘብ የሚያወጣ ማናቸውም ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት፣ ሥራውን ከመረከቡ በፊት ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ፈተና አለ። የታዘዘውን ቁጥር እየተጫኑ መሞከር አይበቃም። «አሳ» ብለው በሌላ ፊደል ይላኩ፤ «፫» ብለው ይላኩ፤ የድምፅ መልእክት ይላኩ፤ «ነገ 1 ሰዓት» ብለው ይላኩ፤ ትርጉም የሌለው ቃል ሦስት ጊዜ አከታትለው ይላኩ፤ በመጨረሻም በሌሊት «ልጄ ታሞብኛል» ብለው ይላኩ። በዚያች ሌሊት የሰው ስልክ ካልጠራ ሥራው አላለቀምና ለሠሪው ይመለስ።